ሞተረኛው ከተለጠፈው ዋጋ በላይ በር ላይ ሲጠይቅ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቴሌግራም ወይም ቲክቶክ ላይ ያያችሁት እቃ 4,200 ብር ይላል። "ሲረከቡ ይክፈሉ" ይላል። አዘዛችሁ። ሞተረኛው መጥቶ ደወለ፣ ወረዳችሁ፣ እቃውን በአንድ እጁ ይዞ "4,750 ነው" አላችሁ። ለምን ስትሉት "ዴሊቨሪ ነዋ" ይላል።

ትንሽ የቴሌግራም ሱቅ አለኝ፣ እቃ እልካለሁ፣ ከሌሎች ሱቆችም አዝዛለሁ። ስለዚህ ከሻጭም ከገዢም በኩል የማውቀውን ነው የምጽፈው። ወሬው በአብዛኛው የአዲስ አበባ ነው። ብሮቹ ደግሞ ነገሩን ለማስረዳት ያስቀመጥኳቸው ናቸው፣ ታሪፍ አይደሉም።

የተለጠፈው 4,200 ሆኖ ሳለ 4,750 ከየት መጣ?

ከሦስት ቦታ ሊመጣ ይችላል። ሦስቱን መለየት ካልቻላችሁ በር ላይ የምትጨቃጨቁት በጭፍን ነው።

አንደኛው፣ ሻጩ የማድረሻ ሂሳብ መኖሩን እያወቀ ሳይነግራችሁ የቀረ ነው። በብዛት የሚያጋጥመው ይሄ ነው። ፖስቱ ላይ ያለው የእቃው ዋጋ ብቻ ነው፣ የማድረሻው ደግሞ እንደ ሰፈሩ ስለሚለያይ "በኋላ ይታወቃል" ተብሎ ይታለፋል። አንዳንዱ ሻጭ ረስቶት ነው። አንዳንዱ ደግሞ ሆን ብሎ ነው፣ ምክንያቱም ተመሳሳይ እቃ የሚሸጡ አሥር ቻናሎች አሉ፣ ሰው የሚመርጠው ትንሹን ቁጥር ነው።

ሁለተኛው፣ ሻጩ ለሞተረኛው 300 ተቀበል ብሎት ሞተረኛው በራሱ 450 ሲያደርገው ነው። እዚህ ጋ ሻጩ ምንም ላያውቅ ይችላል።

ሦስተኛው የሚያናድደው ነው። የእቃው ዋጋ ራሱ ጨምሯል፣ ግን ሻጩ "ጨምሯል" ብሎ ቢጽፍላችሁ እንደምትተዉት ስለሚያውቅ ጭማሪውን ዴሊቨሪ ውስጥ ይከተዋል። መታወቂያው ቀላል ነው። መገናኛ ያለ ሱቅ ለገርጂም 500፣ ለጀሞም 500፣ ለአያትም 500 የሚል ከሆነ ያ ብር የመንገድ ብር አይደለም። መንገድ በርቀት ይለያያል።

"ዴሊቨሪ አለን" ማለት ነፃ ማለት አይደል?

አይደለም። "አለን" ማለት የሚያደርስ ሰው አለን ማለት ነው። ነፃ ከሆነ "ነፃ ዴሊቨሪ" ወይም "ፍሪ ዴሊቨሪ" ተብሎ ይጻፋል፣ እሱም ቢሆን ብዙ ጊዜ ከስሩ "ከዚህ ብር በላይ ለሚያዝዙ" ወይም "ቦሌና አካባቢው" የሚል ትንሽ ጽሑፍ አለው። ፖስቱን እስከ ታች አንብቡት። ነፃ ብሎ ጽፎ ከጠየቃችሁ ግን ሌላ ወሬ የለም፣ የማድረሻውን አትከፍሉም።

ብሩ የሚገባው ለማን ነው? ለሱቁ ወይስ ለሞተረኛው?

ይሄን ብዙ ገዢ አይጠይቅም፣ ግን የጭቅጭቁ ቁልፍ እዚህ ነው።

አብዛኛው ሞተረኛ የሱቁ ተቀጣሪ አይደለም። ለብዙ ሱቅ የሚሠራ ነው። ሥራው የሚሄደው በሁለት ዓይነት መንገድ ነው። በመጀመሪያው፣ ሱቁ ልጁን ያውቀዋል፣ ያምነዋል፣ እቃውን በእጁ ይሰጠዋል፣ ልጁ ቀኑን ሙሉ ሲያደርስ ውሎ ማታ የእቃዎቹን ብር ያስገባል፣ የማድረሻውን ለራሱ ያስቀራል። በሁለተኛው፣ ሱቁ ልጁን በደንብ ስለማያውቀው የእቃውን ዋጋ ቀድሞ ያስከፍለዋል። ማለትም ሞተረኛው 4,200 ብሩን ከኪሱ ለሱቁ ልኮ ነው እቃውን ይዞ የመጣው። እናንተ ጋ ሲደርስ የሚሰበስበው የራሱን ገንዘብና ድካሙን ነው።

ይሄን ማወቁ ምን ይጠቅማል? ሁለት ነገር። የእቃውን ዋጋ ቀንስልኝ ብላችሁ ሞተረኛውን መለመን ትርጉም የለውም፣ የሱ አይደለም። የማድረሻውን ግን መደራደር ትችላላችሁ፣ የሱ ነውና። ሁለተኛ፣ ልጁ አላስረክብም፣ አልመልስም ብሎ የሚንጨረጨረው ብዙ ጊዜ ክፉ ሆኖ ሳይሆን 4,200 ብሩ እናንተ በር ላይ ስለታሰረ ነው። ለማግባባት ይቀላል፣ ሻጩ በስልክ "ብሩን እመልስልሃለሁ፣ አምጣው" ካለው ይረጋጋል።

እሺ፣ በር ላይ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው። አሁን ምን ላድርግ?

ብር አታውጡ። ከሁሉ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ "የእቃው ስንት ነው፣ ያንተስ ስንት ነው?" በአንድ ላይ የተጠራ ድምር ውስጥ ሁሉም ነገር ይደበቃል። ለሁለት ሲከፈል ግን ወዲያው ይታያል።

አንድ ምሳሌ ልውሰድ። የጁስ መፍጫ ነው፣ ፖስቱ ላይ 4,200። ሱቁ መገናኛ፣ ገዢዋ አያት ኮንዶሚኒየም። ስታዝዝ "ዴሊቨሪ አለ?" ብላ ጠየቀች፣ "አዎ አለ" ተባለች፣ ስንት እንደሆነ ግን ማንም አልተናገረም። ልጁ መጥቶ 4,750 አለ። "የእቃው ስንት፣ ያንተ ስንት?" ስትለው "የእቃው 4,200፣ የኔ 550" አለ። በቃ፣ ቢያንስ የእቃው ዋጋ እንዳልተነካ ታወቀ። ጭቅጭቁ ስለ 550 ብቻ ሆነ።

ቀጥላ ሻጩ ጋ ደወለች፣ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጋ ልጁ እየሰማ። ይሄ ስፒከር የሚሉት ነገር ግማሹን ሥራ ይሠራል፣ ምክንያቱም ሻጩ ለእናንተ ለብቻችሁ አንድ፣ ለልጁ ለብቻው ሌላ ማለት አይችልም። ሻጩ "ለአያት 300 ነው ያልኩት" አለ። ልጁ ደግሞ ዝም አላለም። "300 ያልከኝ ለአያት አደባባይ ነው፣ እሷ የላከችው ሎኬሽን ሌላ ቦታ ወሰደኝ፣ ከዚያ ብሎኩን ስፈልግ ደግሞ ስልክ አታነሳም፣ ሃያ ደቂቃ ቆሜያለሁ" አለ።

አሁን 550ው ተፈታ፦ 300 መደበኛው፣ 150 በተሳሳተው ሎኬሽን የተነዳበት፣ 100 የቆመበት። እዚህ ላይ የኔ ፍርድ ይሄ ነው። 300ው ይከፈላል፣ ሳይነገራት መቅረቱ ጥፋት ቢሆንም አያት ድረስ በነፃ የሚመጣ ሰው የለም። የሎኬሽኑ ጥፋት የሷ ነው፣ የሆነ ነገር ልትጨምር ይገባል፣ ግን 150 የሚሆነው የተነዳው ርቀት ያን ያህል ከሆነ ነው። ቴሌግራም ላይ የላከችውን ሎኬሽን ከፍተው ከቤቷ ጋር ሲያስተያዩት በመኪና አምስት ደቂቃ የማይሞላ ነበር፣ ስለዚህ 50 በቂ ነው። የመቆሚያው 100 ደግሞ አስቀድሞ ካልተነገረ ግዴታ አይደለም፣ ሲደወል ያላነሳ ሰው ግን ይሉኝታ ይኑረው። 4,550 ላይ ተስማሙ። 200 ብር ከመትረፉ በላይ፣ ለምን እንደከፈለች አውቃ ከፈለች።

ሻጩ ስልክ ካላነሳስ? ልጁ ራሱ እንዲደውል አድርጉ። ለናንተ የማያነሳ ሻጭ ለሞተረኛው ያነሳል። ሁለታችሁም ደውላችሁ ካላነሳ፣ የሚሻለው የእቃውን ዋጋና አግባብ የሚመስላችሁን የማድረሻ ብር ሰጥታችሁ መረከብ ነው፣ ካልተስማማ ደግሞ እቃውን ይዞት ይመለስ።

አግባብ የሚባለው የማድረሻ ዋጋ ስንት ነው?

ለግል ሞተረኛ የተለጠፈ የመንግሥት ታሪፍ አላየሁም፣ ድርድር ነው። ነዳጅ በጨመረ ቁጥርም ይጨምራል። ግን መለኪያ አለ። ስልካችሁ ላይ ካሉት የታክሲ አፖች አንዱን፣ ፈረስም ይሁን ራይድ፣ ክፈቱና ከሱቁ ሰፈር እስከ ቤታችሁ ግምቱ ስንት እንደሆነ እዩ። አትጥሩት፣ ግምቱን ብቻ እዩ። ለአንድ ትንሽ ካርቶን የተጠየቃችሁት የሞተር ሂሳብ ሙሉ መኪና ከሚያስከፍለው ከበለጠ አንድ የሆነ ነገር አለ።

መለኪያው የሚሳሳትበት ጊዜም አለ። ፍሪጅ፣ ትልቅ ቲቪ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ በሞተር አይመጣም፣ ለነሱ የሚመጣው ሚኒባስ ወይም ፒክአፕ ነው፣ ሂሳቡም ሌላ ነው። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ድረስ ተሸክሞ ማውጣትም ከማድረሻው ውጭ ነው፣ ጫኝና አውራጅ እንደሚጠየቀው ቀድማችሁ ተነጋገሩበት። ማታና ክረምት ላይ፣ በተለይ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲወርድ፣ ሁሉም ይጨምራል። አልወደውም፣ ግን ዶፍ እየወረደበት ለሚመጣ ልጅ 50 ብር አልከራከርም።

ሳላዝዝ በፊት ምን ብዬ ልጠይቅ?

"ዴሊቨሪ አላችሁ?" አይደለም። ይሄ ጥያቄ "አለን" ከሚል መልስ ሌላ አያመጣም። "ዴሊቨሪ ስንት ነው?" ትንሽ ይሻላል፣ እሱም ግን "እንደ ቦታው ነው" ይባላል። ይሄን ኮፒ አድርጋችሁ ላኩት፦

"ሰላም፣ ይሄን እቃ ፈልጌ ነበር። ያለሁት አያት፣ ሎኬሽኑን ከታች ልኬያለሁ። በር ላይ ለሞተረኛው የምሰጠው ጠቅላላ ብር ስንት ነው? ከሱ ውጭ የምጨምረው ነገር አለ?"

ሎኬሽኑን አብሮ መላክ ግዴታ ነው። "አያት" ብቻ ካላችሁ ሻጩ አደባባዩን ያስባል፣ እናንተ ያላችሁት ደግሞ ወደ ጣፎ አቅጣጫ ሊሆን ይችላል፣ ጭማሪው የሚጀምረው ከዚያ ነው። "ጠቅላላ" የምትለዋን ቃልም አትተዉ። ሻጩ "4,500" ብሎ ከመለሰ በር ላይ 4,750 የሚል ሰው ሲመጣ የምታሳዩት ነገር አላችሁ።

መልሱ በድምፅ ከመጣ፣ "እሺ፣ 4,500 ጠቅላላ ብለኸኛል" ብላችሁ ራሳችሁ ጻፉት። ካላስተካከለው በር ላይ የምታሳዩት ነገር ይኖራችኋል።

ከዚያ ስክሪንሾት አንሱ። ፖስቱንም፣ የተጻጻፋችሁትንም፣ እቃው ከመምጣቱ በፊት። ቴሌግራም ላይ የግል ወሬ በአንደኛው ወገን ከሁለቱም ስልክ ሊጠፋ ይችላል። የተላከ መልእክትም ሊስተካከል ይችላል፣ የቻናል ፖስትም እንደዚያው፣ ምልክቱ ከሥሩ edited የምትል ትንሽ ጽሑፍ ናት። ጠዋት 4,200 ያነበባችሁት ፖስት ማታ 4,600 ሆኖ ስታገኙት ራሳችሁን እንዳትጠራጠሩ።

ሻጩ ዋጋውን በኢንቦክስ ነው የሚናገረው፣ ችግር አለው?

ለማድረሻው ጉዳይ አለው። "ዋጋ በኢንቦክስ" ማለት ለእያንዳንዱ ሰው የተለያየ ዋጋ ሊነገር ይችላል ማለት ነው፣ በር ላይ ሲጨመርባችሁ "ሌላው ሰው በስንት ወሰደው" ብላችሁ ማየት አትችሉም። ከእንደዚህ ዓይነት ሱቅ ስታዝዙ ጠቅላላውን ሳታስጽፉ አትቀበሉ።

አልከፍልም ብዬ እቃውን ብመልሰውስ?

ትችላላችሁ። የተስማማችሁበት ዋጋ አንድ ነው፣ የመጣው ሌላ ነው፣ ያልተስማማችሁበትን እንድትከፍሉ የሚያስገድዳችሁ የለም። ገና አልተረከባችሁም፣ ብርም አልሰጣችሁም፣ ሲረከቡ መክፈል የሚባለው ነገር ጥቅሙ ይሄው ነው።

የሚያከራክረው የሞተረኛው ድካም ነው። "እሺ እመልሰዋለሁ፣ ግን የመጣሁበትንና የምመለስበትን ክፈሉኝ" ይላል። ሐሳብ ቀይራችሁ ከሆነ፣ ወይም ጠቅላላው ተነግሯችሁ በር ላይ ከተወደደባችሁ፣ ክፈሉት፣ ልጁ ምን አጠፋ? ሳይነገራችሁ ጨምሮ ከመጣ ግን የመመለሻውን ሻጩን ይጠይቅ። ይሄን ስትሉት ልጁን አትሳደቡ፣ አብዛኛውን ጊዜ እሱም እንደናንተው የተነገረው ሌላ ነው።

አንድ ጥንቃቄ። ልጁ ስልካችሁንም ቤታችሁንም ያውቃል። ነገሩ ከከረረ ለብቻችሁ በር ላይ አትቁሙ፣ ጊቢው ጥበቃ ካለው እዚያ ሆናችሁ ተነጋገሩ፣ ከሌለም ጎረቤት ጥሩ። እቃ ስትረከቡ ድሮም ከቤት ውስጥ ይልቅ ጊቢ በር ላይ ወይም ሰው ያለበት ሱቅ አጠገብ መገናኘት ይሻላል።

እቃውን ከፍቼ ሳላይ ክፈል ይለኛል

ካርቶኑን ከፍታችሁ እዩ። በተለይ ከተለጠፈው በላይ እየተጠየቃችሁ ከሆነ። በጭማሪው ስትጨቃጨቁ ቆይታችሁ በመጨረሻ 100 ብር ሲቀንስላችሁ ደስ ብሏችሁ እቃውን ሳታዩ ትወስዳላችሁ፣ ቤት ስትከፍቱት ቀለሙ ሌላ ነው፣ ወይም ሶኬቱ የለም። አንዳንዴ ጭቅጭቁ ራሱ ለዚህ ይጠቅማል።

የመጣው ያዘዛችሁት ካልሆነ የማድረሻውም የመመለሻውም ሂሳብ የሻጩ ነው። ይሄ ላይ አልደራደርም።

ዝርዝር የለኝም ቢለኝስ?

ይሄ "ትንሹ ጭማሪ" ነው። 4,550 ነው፣ በ200 ብር ኖቶች 4,600 ሰጣችሁት፣ 50 መልስ የለውም። ከማዘዛችሁ በፊት ጠቅላላውን ካወቃችሁ ዘርዝራችሁ ጠብቁት። ካልሆነ ቀሪዋን በቴሌብር እንዲልክላችሁ በሉት፣ እዚያው ቆሞ። ጉርሻ ልስጥ ካላችሁ ስጡ፣ ግን እናንተ ስትሰጡ ነው ጉርሻ የሚሆነው።

በካሽ ልክፈል ወይስ በቴሌብር?

ጭማሪ ላይ ካልተስማማችሁ ሁለቱን ለይታችሁ ክፈሉ። የእቃውን ብር ሻጩ በጽሑፍ በላከላችሁ የቴሌብር ወይም የባንክ ቁጥር፣ የማድረሻውን ለልጁ በእጁ። እንዲህ ስታደርጉ ማን ስንት እንደወሰደ ማስረጃ ይኖራችኋል። ልጁ የእቃውን ዋጋ ቀድሞ ከኪሱ ከፍሎ ከሆነ ግን አይስማማም፣ መብቱም ነው። ያኔ ለሱ ላኩና ሻጩ "ደርሷል፣ ተስማምተናል" ብሎ እንዲጽፍላችሁ አድርጉ።

ስትልኩ "አረጋግጥ" ከማለታችሁ በፊት የሚመጣውን ስም አንብቡ። ሻጩ የነገራችሁ ስም ካልሆነ ቁጥሩ የማን እንደሆነ ጠይቁ። ደግሞ ልጁ በር ላይ "ይሄኛው ይበላሻል፣ በዚህ ላኪ" ብሎ ሌላ ቁጥር ቢሰጣችሁ ለሻጩ ሳትደውሉ አትላኩ፣ የእቃው ብር ሱቁ አልደረሰም ተብላችሁ ሁለተኛ ትጠየቃላችሁ።

ውጭ ነው ያለሁት። ለእናቴ አዝዤ ከፍዬ ጨርሻለሁ፣ ግን ሞተረኛው እሷን ብር ጠየቃት

ከዱባይም፣ ከዋሽንግተንም፣ ከቴል አቪቭም ይሄ ጥያቄ ይመጣል። ለበዓል ኬክ ወይም ስልክ ይታዘዛል፣ ሙሉው ይከፈላል፣ ልጁ ግን በር ላይ "የዴሊቨሪ 400" ይላል። እናት ምን ታደርጋለች? "የልጄ ስጦታ ነው" ብላ ከመቀነቷ ፈትታ ትሰጣለች፣ ለእናንተም አትነግርም። ከወር በኋላ በወሬ መሃል ትሰሙታላችሁ።

መፍትሔው ከሻጩ ጋር ነው። ስትከፍሉ "ማድረሻው ተከፍሏል፣ ተቀባይዋ ምንም አትጠየቅም" ብሎ እንዲጽፍላችሁ ጠይቁ። ከዚያ ለእናታችሁ ደውላችሁ በግልጽ ንገሯት፦ "እማዬ፣ ልጁ ሲመጣ አንዲት ብር እንዳትሰጪ፣ ከጠየቀሽ ስልኩን ስጪው ለኔ ይደውልልኝ።" ስጦታው ድንገቴ እንዲሆን ከፈለጋችሁ ለእህት ወይም ለጎረቤት ንገሩ። ሻጩ ማድረሻውን ተቀብሎ ለልጁ ሳይሰጥ ቀርቶ ከሆነ፣ ልጁ የሚጠይቀው የራሱን ድካም ነውና እናታችሁ ላይ እንዳይጮህ ሻጩ ወዲያው ይላክለት።

ክፍለ ሀገር ነኝ፣ ባሕር ዳር፣ ሐዋሳ...

ለእናንተ ሲረከቡ መክፈል ብዙም አይሠራም። እቃው በአውቶቡስ ይላካል፣ ሻጩ ቀድሞ ያስከፍላል፣ የጭነቱን ደግሞ መናኸሪያ ስትወስዱ ትከፍላላችሁ። ሻጩን የምትጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ የጭነቱ ተከፍሏል ወይስ እኔ ነኝ የምከፍለው? ተከፍሏል ካለ የጭነት ደረሰኙን ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ።

ሕጉስ ምን ይላል? የት ነው የምከሰው?

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ እንዲያሳይና ለሸጠው እቃ ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል፣ አሳሳች ማስታወቂያንም ይከለክላል። "ነፃ ዴሊቨሪ" ብሎ ለጥፎ በር ላይ ማስከፈል ከዚህ ጋር ይጋጫል። በኢንተርኔት የሚደረግ ግብይትም የራሱ አዋጅ አለው፣ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012።

በተግባር ግን ልዩነቱ ያለው ሻጩ ማን ነው የሚለው ላይ ነው። ንግድ ፈቃድና ሱቅ ያለው ከሆነ ሱቁ ያለበት ወረዳ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ አቤት ማለት ትችላላችሁ፣ የሚይዙት አድራሻ አላቸው። አድራሻው አንድ የቴሌግራም ስምና አንድ ስልክ ቁጥር ብቻ ከሆነ አቤቱታችሁ የሚሄድበት በር ጠባብ ነው። ስለዚህ ትንሽ ውድ የሆነ ነገር ስታዝዙ "ሱቃችሁ የት ነው? ደረሰኝ ትሰጣላችሁ?" ብላችሁ ጠይቁ። ሕንፃውንና የሱቁን ቁጥር የሚናገር ሻጭ በር ላይ ሲጨመርባችሁ ስልክ ያነሳል፣ ነገ ሱቁ ድረስ እንደምትመጡ ያውቃላ።

አቤት ካላችሁ ይዛችሁ የምትሄዱት ይሄ ነው፦ የፖስቱ ስክሪንሾት ከነዋጋው፣ የተጻጻፋችሁት፣ የከፈላችሁበት የቴሌብር ወይም የባንክ መልእክት፣ የሻጩና የሞተረኛው ስልክ፣ የተረከባችሁበት ቀን። "ስንት ተባልኩ፣ ስንት ከፈልኩ፣ ልዩነቱ ስንት ነው" የሚለውን በሦስት መስመር ጻፉት። ለ100 ብር ልዩነት ይሄን ሁሉ እንዳልደክም ካላችሁ አልፈርድባችሁም፣ እኔም አልሄድም። ለ100 ብር የሚበቃው ቻናሉ ኮሜንት ላይ "ለአያት ጠቅላላ 4,500 ተብዬ 4,750 ተጠየቅኩ" ብሎ ከነስክሪንሾቱ መለጠፍ ነው። አድሚኑ ካጠፋው ለቀጣዩ ግዢ ሌላ ሱቅ ፈልጉ።